ስም ማሳጠር፦ ከፕሮግራመሮች አፍ የማይጠፉ ስሕተቶች

«አጭር ስም ፕሮግራሙን ያፈጥነዋል።»

አያፈጥነውም። እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች ኮምፓይለሩ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለውጥ የቫሪያብሉ ስም ቀርቶ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ይቀራል። ማሳጠር የሚጠቅመው ወደ ብራውዘር ለሚላክ የጃቫስክሪፕት ፋይል ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል በኔትወርክ ይጓዛልና። ያንንም የሚሠራው ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ እንጂ የፕሮግራመሩ እጅ አይደለም።

«ዩኒክስንና ሲን የሠሩት አንጋፋዎች እያሳጠሩ ነው የጻፉት፤ ማሳጠር የብቃት ምልክት ነው።»

አንጋፋዎቹ ያሳጠሩት ግድ ሆኖባቸው ነው። በዚያ ዘመን ይሠሩበት የነበረው ቴሌታይፕ 33 የተባለ ማተሚያ በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ ያትም ስለነበር `cp` እና `mv` ብሎ መጻፍ ጊዜ ማትረፍ ነበር። በ1989 የወጣው የሲ ደረጃ ደግሞ በተለያዩ ፋይሎች መካከል ለሚያገለግሉ ስሞች ዋስትና የሰጠው ለመጀመሪያዎቹ 6 ፊደሎች ብቻ ነው፤ `strcpy`፣ `strcat` እና `strcmp` ስድስት ስድስት ፊደል የሆኑት ከዚህ ገደብ ጋር ተያይዞ ነው። በ1999ኙ ደረጃ ገደቡ ወደ 31 ከፍ ብሏል። በኤምኤስ ዶስም የፋይል ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ አያልፍም ነበር፤ ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ይህ ገደብ ተነሣ። ገደቡ ከተነሣ ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለደ ወጣት ገደቡን እንደ ክብር ተሸክሞ ሲዞር ማየት ያስገርመኛል። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን እንኳ ሥርዓቱን እንደገና ቢሠራው ምን እንደሚለውጥ ሲጠየቅ `creat` የሚለውን ስም በመጨረሻው `e` እንደሚጽፈው ነበር በቀልድ የመለሰው።

«ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምህጻረ ቃሉ ይገባዋል።»

ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቢሯችን የሚመጡ ጀማሪዎች ሁሉ የሚመልሱልኝ ይህንን ነው፤ እኔም ሁልጊዜ የማሳያቸው ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ተቀብሎ ወደ ሐረርና ጅግጅጋ የሚያከፋፍል የአንድ መጋዘን ፕሮግራም ነው። የመጋዘን ኪራይ የሚያሰላው ክፍል እንዲህ ይላል፦

```
def fee(wt, dd, hr):
    if hr > 6:
        dd = dd + 1
    return wt * dd * 3
```

የጻፈው ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በእሱ ሐሳብ `wt` በኩንታል የተለካ ክብደት፣ `dd` ዕቃው የቆየበት የቀን ብዛት፣ `hr` ደግሞ ዕቃው የወጣበት ሰዓት ነው፤ ደንቡም ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የወጣ ዕቃ የአንድ ቀን ተጨማሪ ኪራይ ይከፍላል የሚል ነው። ሰዓቱን የሚያስገባው መጋዘን ጠባቂው ስለነበረና መጋዘኑም ማታ ስለማይሠራ ስሌቱ ያለ እንከን ይሠራ ነበር።

ጸሐፊው ሥራውን ሲለቅ የተካው ልጅ የጠባቂውን ድካም ለመቀነስ ብሎ ሰዓቱ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ እንዲወሰድ አደረገ። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሆነው ለእርሱ 8 ነው፤ 8 ደግሞ ከ6 ይበልጣል። ስለዚህ 40 ኩንታል ዕቃ 6 ቀን አስቀምጦ ጠዋት የወሰደ ነጋዴ 720 ብር መክፈል ሲገባው የ840 ብር ደረሰኝ ይሰጠው ጀመር። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ የስሕተት መልእክትም አላሳየም። ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ የወጡት ዕቃዎች ሒሳብ ትክክል ስለነበር ደረሰኞችን እየመረጠ ያየ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ጉዳዩ የታወቀው ጠዋት ጠዋት ዕቃ የሚያወጡ ደንበኞች ቅሬታ ሲያሰሙ ነው።

ተተኪው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ኮዱን ከመንካቱ በፊት ለማጣራት ሞክሯል። ሆኖም `hr` ብሎ ሲፈልግ በሌላ ፋይል ውስጥ የሐረር ቅርንጫፍ መለያ ሆኖ አገኘው። `dd` ብሎ ሲፈልግ ደግሞ `add`፣ `address` እና `padding` የሚሉት ቃላት ሁሉ ተከታትለው መጡለት፤ ድሬዳዋን የሚያመለክተው መለያም እዚያው ውስጥ ነበር። ሁለት ፊደል ያለው ስም ተፈልጎ አይገኝም፤ ይህ ጉዳት ስም በሚሰጥበት ቀን ስለማይታይ ማንም አያስበውም።

እንግዲህ የጠፋው የሥራ እውቀት አልነበረም፤ ሁለቱም ሰዎች ሰዓት መሆኑን ያውቁ ነበር። ያልተጻፈው የማን አቆጣጠር እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን ለውጡን ያደረገው ልጅ ስሙን ሲያነብ ቆም ይል ነበር፦

```
def storage_fee(quintals, days_stored, ethiopian_hour):
```

ከዚህ የምመክረው ግልጽ ነው። ቁጥር የሚይዝ ስም መለኪያውን ይናገር፦ ኩንታል ወይስ ኪሎ፣ ብር ወይስ ሳንቲም፣ የእኛ ሰዓት ወይስ የፈረንጅ። ስሙ አሻሚ መሆኑን ለማወቅ ያንን አንድ መስመር ብቻ ለባልደረባችሁ አሳይታችሁ ምን እንደሚይዝ ጠይቁት፤ «ምናልባት» ብሎ ከጀመረ ስሙ ይለወጥ። አብዛኞቹ የፕሮግራም መጻፊያዎች ስምን በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ትእዛዝ ስላላቸው ድካሙ ሰበብ አይሆንም።

«እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ስም ይርዘም።»

ይህንን የሚሉኝ ተግሣጽ የሰለቻቸው ናቸው፤ ነገር ግን ትክክል አይደሉም። በሦስት መስመር ዙር ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚያልቅ `i` ማንንም አያደናግርም፤ `current_loop_index_number` ብሎ መጻፍ ግን ስሌቱን በስም ይሸፍነዋል። `id` እና `url` ተዘርዝረው ከሚጻፉ ይልቅ አጥረው ሲጻፉ ይታወቃሉ። የሚያስፈልገው ርዝመት ስሙ ከተሰጠበት መስመር እስከሚነበብበት ባለው ርቀት ይወሰናል፤ ሁለቱ በአንድ ስክሪን ላይ ከታዩ አጭሩ ይበቃል፣ በተለያዩ ፋይሎች ውስጥ ከሆኑ ግን አይበቃም። ከሁሉ የሚከፉት ሁለት ትርጉም የለመዱት ናቸው፤ `temp` ጊዜያዊም ሙቀትም ነው፣ `res` ደግሞ ውጤት ይሁን ምላሽ ማን ያውቃል።

«የፋይል ስም ምንም ቢሆን ችግር የለውም፤ ከፍቶ ማየት ነው።»

ቫሪያብል ቢያንስ በዙሪያው ያሉ መስመሮች ያግዙታል፤ የፋይል ስም ግን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ብቻውን ይሄዳል። `rpt_hr_030510.csv` የሚል ፋይል ሲደርሰኝ የሐረር ሪፖርት ነው ወይስ የሰው ኃይል፣ ዓመቱስ የቱ ነው? የመጨረሻው 10 ዓመቱን 2010 ያመለክታል እንኳ ብል፣ 2010 በእኛና 2010 በፈረንጅ ከሰባትና ስምንት ዓመት በላይ የማይራራቁ ስለሆኑ ሁለቱም የሚታመኑ ዓመታት ናቸው፤ ከፍቼ ባየው ውስጡ ያለውም ቀን ያው ነው። ስለዚህ ቦታው በሙሉ ይጻፍ፣ ፋይሎቹ በቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ዓመቱ ይቅደም፣ አቆጣጠሩም ይጠቀስ፦ `harar_sales_ethiopian_2010-02-30.csv`። አቆጣጠሩን ያልጠቀሰ ፕሮግራመር ይህንኑ ቀን ቀንን ከጽሑፍ ለሚያነበው የተለመደ መሣሪያ ቢሰጠው ጥቅምት 30 ቀን እንደ ፌብሩዋሪ 30 ይቆጠርና ውድቅ ይሆናል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አትገባም። እነዚህ ሁለቱ ወዲያው ይታወቃሉ። እንደ ጥር 3 ያሉት ግን በፈረንጅም የሚኖሩ ቀኖች ስለሆኑ ያለ ምንም ተቃውሞ በተሳሳተ ቀን ይመዘገባሉ።