አንድ ሰው ሁለት ኮከብ የሚኖረው ለምንድን ነው? ትሮፒካልና ሳይደሪያል ዞዲያክ ከጅማ ሰማይ ሥር

ሚያዝያ 2 ቀን 1990 ዓ.ም. ጅማ የተወለደች ሴት አለች እንበል። ኮከቧን በምዕራባውያን አቆጣጠር ብታስወጣ ሐመል ትባላለች። በህንዶቹ ብታስወጣ ደግሞ ሑት። ከሁለቱ የተሳሳተ የለም። የሚለያዩት ቆጠራውን በሚጀምሩበት ቦታ ነው።

ፀሐይ በዓመት ውስጥ በሰማይ ላይ ዞራ የምትመለስበት መንገድ አለ። መንገዱ 360 ዲግሪ ነው፤ ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኮከብ 30 ዲግሪ ይደርሰዋል። ይህ የ12 ኮከቦች ክፍፍል ዞዲያክ ይባላል። ፀሐይ በቀን ወደ 1 ዲግሪ ትሄዳለች። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ይስማማሉ። ችግሩ ክብ ነገር መጀመሪያ የለውም። ዜሮውን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ምዕራባውያኑ የሚጠቀሙበት ትሮፒካል ዞዲያክ ዜሮውን የሚያስቀምጠው ፀሐይ የምድር ወገብን ወደ ሰሜን በምታቋርጥበት ቅጽበት ላይ ነው። ይህ መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። ከዚያ ወዲያ ያለው 30 ዲግሪ ሐመል ይባላል፤ ከፀሐይዋ ጀርባ የትኞቹም ከዋክብት ይኑሩ።

ጅማ ላለ ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይቻለዋል። ከተማዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7.7 ዲግሪ ያህል ርቃ ነው ያለችው። ፀሐይ ወገቡን ካቋረጠች ከ20 ቀን ገደማ በኋላ፣ ማለትም ሚያዝያ 1 ወይም 2 አካባቢ፣ ልክ ከጅማ አናት በላይ ትደርሳለች። በዚያን ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ ቢተከል ጥላው ከሥሩ አይወጣም። (ነሐሴ መጨረሻ ላይም እንዲሁ ይሆናል፤ ግን ክረምት ስለሆነ ደመናው አያሳይም።) ጥላው ሲጠፋ ፀሐይ በትሮፒካል ቆጠራ ሐመል 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ትሮፒካል የሚከተለው ወቅትን ነውና ይህ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም አይለወጥም።

ሳይደሪያል ዞዲያክ ግን ዜሮውን ከከዋክብት ላይ ይወስዳል። በህንድ በብዛት የሚሠራበት ላሂሪ የሚባለው ስሌት መነሻው ስፓይካ የተባለችው ኮከብ ናት። እሷን 180 ዲግሪ ላይ፣ ሚዛን መጀመሪያ ላይ ያደርጋታል። የሐመል መጀመሪያ ታዲያ ከስፓይካ ፊት ለፊት ይሆናል ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ ጅማ ሲመሽ ወደ ምሥራቅ ብታዩ፣ ደመና ከሌለ፣ ነጣ ብላ የምትወጣ ብሩህ ኮከብ አለች። ስፓይካ ናት። ሚያዝያ 2 ቀን 1990 ፀሐይ ከእሷ ፊት ለፊት ለመድረስ ገና 3.6 ዲግሪ ይቀራት ነበር። ሐመል አልገባችም፤ ሑት ውስጥ ናት።

በቁጥርም ያው ነው። የፀሐይዋ ትሮፒካል ቦታ 20.2 ዲግሪ ነበር። በዚያ ዓመት የሁለቱ ዜሮዎች ልዩነት 23.8 ነው። ሲቀነስ ከዜሮ በታች 3.6 ይመጣል፤ ይህም 356.4 ማለት ነው። ሑት ከ330 ስለሚጀምር ሴትየዋ ሑት 26.4 ላይ ትወድቃለች።

ልዩነቱ የመጣው ከምድር ነው። ዘንጓ እንደ እንዝርት አናት ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አንድ ዙር የሚጨርሰው ወደ 26 ሺህ ዓመት ፈጅቶ ነው። በዚህ ምክንያት የወቅቱ ዜሮ በከዋክብቱ መካከል በየ72 ዓመቱ 1 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህን የደረሰበት ግሪካዊው ሂፓርኮስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን። እሱም የስፓይካን ቦታ ቀደም ብለው ከተመዘገቡ ልኬቶች ጋር አነጻጽሮ ነው ያወቀው። በላሂሪ ስሌት ሁለቱ ዜሮዎች የተገናኙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 285 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ መራራቅ እንጂ መቀራረብ የለም።

ኮከቡ የሚቀየረው ግን የሁሉም ሰው አይደለም። ፀሐይዋ በትሮፒካል ኮከቧ ውስጥ 24 ዲግሪ ካለፈች ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። ከሚያዝያ 6 እስከ 11 ገደማ የተወለደ በየትኛውም ሐመል ነው። ከአምስት ሰው አራቱ ግን ወደ ኋላ አንድ ኮከብ ይሸሻል።

ሳይደሪያሎቹ ራሳቸው እርስ በርስ አይስማሙም። ፋገን-ብራድሌይ የሚባለው ስሌት ከላሂሪ በ0.9 ዲግሪ ገደማ ይለያል፤ ፀሐይ በአንድ ቀን የምትሄደውን ያህል። ድንበር ላይ የተወለደ ሰው እዚሁ ሳይደሪያል ውስጥም ሁለት መልስ ሊያገኝ ይችላል። ደብተራ ከስምና ከእናት ስም ፊደል ደምሮ የሚያወጣው ኮከብ ደግሞ ከፀሐይ ቦታ ጋር ግንኙነት የለውም። ከእነዚህ ጋር ማነጻጸሩ ትርጉም የለውም።

እኛ አገር ከዞዲያኩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ሴትየዋ ስልኳ ላይ 2/8/1990 ብላ ብታስገባ መተግበሪያው የፈረንጅ ኦገስት 2 አድርጎ ይወስደውና አሰድ ይላታል። ሐመልም ሑትም ያልሆነ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ትክክለኛው ኤፕሪል 10 ቀን 1998 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ መቀየር አለበት፤ ጠዋት 3 ሰዓት ለመተግበሪያው 9 ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ስህተት ፀሐይ ሩብ ዲግሪ ብቻ ስለምትንቀሳቀስ፣ ይህ የሚጎዳው ድንበሩ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው።