ይርጋ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሁሌ የምሰማቸው ስህተቶች

«እምቢ ያለኝ እኮ አምና ነው። ይርጋውም ከዚያ ወዲህ ነው የሚቆጠረው።»

አይደለም። ጥብቅና ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ሰልችቶታል። ባለጉዳይ ሲመጣ ታሪኩን የሚጀምረው ከጠቡ ነው። መቼ ተኮራረፉ፣ ማን ምን አለ፣ ስልክ ማንሳት ያቆመው መቼ ነው። እኔ ደግሞ አቋርጬ «ውሉ መቼ ይከፈላል ይላል?» ስል የማልሰማው ይመስላቸዋል። እየሰማሁ ነው፤ ግን ይርጋ፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ለኩርፊያ ደንታ የለውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መክሰስ ትችሉ የነበረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?

የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1846 ይህንኑ ነው የሚለው። ቆጠራው የሚነሳው ግዴታው መፈጸም ካለበት ቀን ወይም በውሉ ያገኛችሁት መብት ሊሠራበት ከሚችልበት ቀን ነው። ውሉ ከተፈረመበት ቀን አይደለም። ተበዳሪው ፊት ከነሳችሁ ቀንም አይደለም። የመክፈያው ቀን ካለፈ ማግስት ጀምሮ ፍርድ ቤት መሄድ ትችሉ ነበር፤ አለመሄዳችሁ ትዕግስት ይሁን ይሉኝታ ሰዓቱ አያውቅም።

አንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ሴትዮዋ ለቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ገንዘብ ያበደረችው ጥር 10 ቀን 2004 ነው። በጽሑፍ፣ ምስክር ፈርሞበት፣ ጥር 10 ቀን 2006 ሊመልስ። ቀኑ ደረሰ፣ አልከፈለም። «ትንሽ ታገሺኝ» አለ። ታገሰች። ከዚያ በኋላ ያለው የምታውቁት ነው፦ ቤት እየሠራሁ ነው፣ ልጅ ታሞብኝ ነው፣ ዛሬ ነገ። በመጨረሻ 2016 ክረምት ላይ «ምን ዕዳ? ጨርሻለሁ» አላት። እኔ ጋ የመጣችው ኅዳር 2017 ነው፣ ይርጋው ገና ሁለት ወር እንደቆጠረ እርግጠኛ ሆና ማለት ይቻላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለውል የተለየ ሕግ ከሌለ 10 ዓመት ነው። ከጥር 10 ቀን 2006 ሲቆጠር ጥር 2016 ላይ አልቋል። ሰውየው «ጨርሻለሁ» ያላት ካለቀ በኋላ ነው፤ ማን እንደመከረው መገመት አያቅትም።

«ግን በየወሩ እደውልለት ነበር እኮ!»

ይህችን እዚያው ነው ያመጣችው፣ ሁሉም እንደሚያመጣት። መደወል፣ ሽማግሌ መላክ፣ በጠበቃ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዓቱን አያቆሙትም። የውል ይርጋ የሚቋረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እናንተ ክስ ስትመሠርቱ፣ ሁለተኛው ባለዕዳው ራሱ ዕዳውን ሲያምን። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ከእሱ ነው የሚመጣው እንጂ ከእናንተ አይደለም። እናንተ መቶ ደብዳቤ ብትጽፉ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «በመሃል ከፍሎሽ ያውቃል?» አልኳት። አዎ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሁለቴ። አንዱን በእጅ ሰጥቷታል፤ ደረሰኝ የለም፣ ያየ ሰው የለም፣ እርሱት። ሌላውን ግን ሚያዝያ 2009 በባንክ አስገብቷል፣ ማስገቢያው ላይም «ከብድሩ የተከፈለ» ብሎ ጽፏል። ዕዳን ከፊሉን መክፈል ዕዳውን ማመን ነው፣ ወለድ መክፈልም ዋስ መጥራትም እንደዚያው። ሰዓቱ ሚያዝያ 2009 ላይ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ አዲሱ 10 ዓመት የሚያልቀው ሚያዝያ 2019 ነው። ያቺ የባንክ ወረቀት ባትኖር እሱ «በይርጋ ታግዷል» ባለ ቅጽበት ጉዳዩ አብቅቶለት ነበር።

እና ባለዕዳችሁ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ሲላችሁ እሺ በሉት፣ ክፋት የለውም፤ ግን ቃሉን በጽሑፍ ተቀበሉት። ከመቼው ውል፣ ስንት እንደቀረበት፣ ቀኑና ፊርማው ያለበት አንድ አጭር ወረቀት ይበቃል። ጥቂት ገንዘብ እሱ ቢከፍላችሁም በባንክ ይሁን። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ገንዘቡን ሲወስድ አላፈረም።

የመመለሻ ቀን ያልተጻፈበት ብድር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። በፈለጋችሁት ቀን መጠየቅ ትችሉ ስለነበር ሰዓቱ ገንዘቡን ከሰጣችሁበት ቀን ነው የጀመረው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ቀን ጻፉበት።

«ይርጋ 10 ዓመት ነው፣ ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም ተሳስቷል። 10 ዓመቱ የውል ነው፣ ያውም የተለየ ሕግ ከሌለ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ ሁለት ዓመት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ስድስት ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ። ከሥራ ተባርሮ ዓመት ሙሉ ሲያኮርፍ የከረመ ሰው ሲመጣ ምን ልበለው? ሌላ አገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እንግሊዝ የተለመደው የውል ይርጋ 6 ዓመት፣ ጀርመን 3 ዓመት ሲሆን የጀርመኑ መቆጠር የሚጀምረው መብቱ የተገኘበት ዓመት ሲያልቅ ነው።

«የማላውቀው ጉዳት እንዴት በይርጋ ይታገድብኛል?»

ይህኛው ስህተት ቢሆንም ሰው ያሳዝናል። በብዙ ሕጎች የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን እንጂ ካወቃችሁበት ቀን አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት የሲሊካ ብናኝ ሲተነፍሱ ኖረው ሳንባቸው ተበላሸ። በሽታው ሲታወቅ ግን ጊዜው አልፏል ተባሉ። ጉዳዩ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳኞቹ ራሳቸው ውጤቱ ፍትሐዊ እንዳልሆነ እየተናገሩ ፈረዱባቸው፣ ሕጉ ሌላ መንገድ አልተወላቸውምና። በዚያው ዓመት ፓርላማው ሕጉን አሻሻለው። ዛሬ እዚያ የአካል ጉዳት ይርጋ ከእውቀት ቀንም ሊቆጠር ይችላል። ይህን የሰጣቸው ሕግ ነው፤ ሕግ ካልሰጠ «አላውቅም ነበር» ብቻውን አያድንም።

«ይርጋ የሌባ ጠበቃ ነው።»

እስቲ ቦታ ቀይሩ። ዕዳችሁን በእጅ ከፍላችሁ፣ ደረሰኙን አስቀምጣችሁ፣ ቤት ስትቀይሩ ጠፋ። ምስክራችሁ ሞተ። ከ20 ዓመት በኋላ የአበዳሪያችሁ ልጅ አባቱ መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን ውል ይዞ መጣ። ውሉ እውነተኛ ነው፣ ፊርማውም የእናንተ ነው። በምን ትከላከላላችሁ? ይርጋ ያለው ለዚህ ነው። ማስረጃ እያደር ይጠፋል፣ የሚጠፋው ደግሞ በብዛት የከፈለው ሰው ማስረጃ ነው፤ ያልተከፈለው ውሉን አቅፎ ይተኛል።

«ዳኛው ጊዜው ማለፉን ራሱ ያየዋል።»

አያይም፣ ቢያይም በራሱ አያነሳውም። ተከሳሽ ከሆናችሁ ይርጋን በመጀመሪያው መልሳችሁ ላይ በመቃወሚያነት አንሱ። መጀመሪያ ዝም ብሎ በኋላ ማንሳት እንደተዋችሁት ያስቆጥራል።

«ጊዜው ካለፈ ዕዳው ጠፋ፤ የከፈልኩትንም ይመልሱልኝ።»

የጠፋው በፍርድ ቤት የማስገደድ መብት ነው። ይርጋ ያገደውን ዕዳ ወዳችሁ ከከፈላችሁ በኋላ መልሱልኝ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።