ዮናታን መታ፤ መለከቱን ሳኦል ነፋ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የሳኦል ልጅ ዮናታን የፍልስጥኤማውያንን ጭፍራ እንደ መታ ተጽፏል፤ መለከቱ ግን በሳኦል ትእዛዝ በምድሪቱ ሁሉ ተነፋ፤ እስራኤልም የሰማው ሳኦል እንደ መታ ነበር። ዮናታን በዚህ ምን እንደ ተሰማው መጽሐፉ አይነግረንም።

እኔ ግን የተሰማኝን አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የግማሽ ዓመት የሂሳብ ሪፖርት አዘጋጅተን ነበር፤ የቅርንጫፎቹን ሂሳብ ከባንክ መግለጫ ጋር ያመሳከርሁት እኔ ስሆን፣ ትንተናውን የጻፈው እርሱ ነው። በስብሰባው ላይ ግን «ያዘጋጀሁት ሪፖርት» እያለ አቀረበው። ሁለት ሳምንት ያህል «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያልሁ ብቆይም፣ ሰላምታዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሻይ ላይም አሽሙር እጥል ነበር። ዘሌዋውያን 19፥17 ወንድምህን በልብህ አትጥላው ካለ በኋላ ወዲያው ገሥጸው ይላል፤ እኔ የመጀመሪያውን አፍርሼ ሁለተኛውን ሸሽቼ ነበር ማለት ነው።

ጌታ በማቴዎስ 18፥15 በመጀመሪያ ያዘዘው ብቻን ሆኖ መነጋገርን ነው። እንዴት እንደምናገር ግን የተማርሁት ከዮናታን ነው፤ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 19 ዳዊትን እንዳይገድል አባቱን ሳኦልን ሲለምን «ሁልጊዜ ትቀናለህ» አላለውም፤ ዳዊት ነፍሱን አሳልፎ ፍልስጥኤማዊውን እንደ ገደለና ሳኦልም ይህን አይቶ ደስ እንዳለው አስታወሰው። እኔም የሠራሁትን በሦስት መስመር ጽፌ፣ ከሥራ በኋላ ባልደረባዬን ለብቻው አገኘሁትና «ማመሳከሩን እኔ እንደ ሠራሁ ታውቃለህ፤ በስብሰባው ላይ ስሜ አለመነሣቱ አሳዝኖኛል፤ በሚቀጥለው ሪፖርት የሁለታችንም ስም ሽፋኑ ላይ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ» አልሁት። እርሱም በመጀመሪያ «ረስቼው ነው» አለ፤ ቀጥሎም ትንተናውን ብቻውን ሦስት ሌሊት እንደ ሠራ ነገረኝ። ይህ እውነት ነበር፤ እኔም ለማንም ተናግሬለት አላውቅም ነበርና ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሳኦል ዳዊትን እንዳይገድል ለዮናታን ከማለለት በኋላ በዚያው ምዕራፍ እንደ ገና በዳዊት ላይ ጦር ወርውሯልና፣ አንድ ንግግር ሁሉን ይፈታል ብዬ አላስተምርም። ባልደረባችሁ ከካደ፣ ማቴዎስ 18 ቁጥር 16 እንደሚለው ምስክር መያዝ ይቻላል፤ ምስክሩ ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ረቂቁ ሲላላክ ያየ ኃላፊ ይሁን እንጂ ለእኛ የሚያዳላ ወዳጅ አይሁን። ቁጥር 17 ግን ለቤተ ክርስቲያን ንገር ስለሚል፣ ይህ ሥርዓት የምእመናን ነው፤ ባልደረባችን የእምነታችን ሰው ካልሆነ ሥርዓቱን በሙሉ በመሥሪያ ቤት ላይ መጫን አይገባንም።

የሚቀጥለው ሪፖርት የወጣው በሁለታችንም ስም ነው። የፊተኛው ዛሬም በእርሱ ስም ብቻ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ እንዲታረም አልጠየቅሁም።