የአንገት ንፍፊት፦ ቀጭን መርፌ፣ ወፍራም መርፌና ቀዶ ጥገና ለየብቻቸው የሚያሳዩት

አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበት ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዝለት ኤፍኤንኤ፣ ማለትም በቀጭን መርፌ ሴል መቅዳት ነው። አንዳንዱ ከዚያ በኋላ በወፍራም መርፌ ቁራጭ የሚወሰድበት ባዮፕሲ ይታዘዝለታል። ቀጥሎ ደግሞ «ንፍፊቱ ራሱ ወጥቶ ይታይ» ይባላል። «ታዲያ ያ ሁሉ መርፌ ለምን ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሦስቱ ምርመራዎች የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። ልዩነቱ ንፍፊት ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ይህ ዳሰሳ ከሱ አይወጣም።

ለኤፍኤንኤ የሚያገለግለው መርፌ ከ22 እስከ 25 ጌጅ ነው፤ የጌጁ ቁጥር ሲያንስ መርፌው ይወፍራል። ደም ከሚቀዳበት መርፌ አይወፍርም። ባለሙያው ንፍፊቱን በጣቶቹ ቆንጥጦ ይይዝና መርፌውን ውስጡ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሰዋል። ጫፉ ሴሎችን ከቦታቸው ያላቅቃል። የወጣችው ጠብታ ስላይድ ላይ ተደርጋ በሌላ ስላይድ ትዳመጣለች። ገሚሱ ስላይድ በአየር ይደርቃል፣ ገሚሱ ወዲያው አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቀለም ይነከራል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የእያንዳንዱ ሴል መልክ ነው፦ መጠኑ፣ ኒውክለሱ፣ አብረውት የወጡት ሌሎች ሴሎች። የትኛው ሴል ከየትኛው አጠገብ እንደነበረ ግን ከዚህ በኋላ አይታወቅም። ከጎተራ በእፍኝ የተዘገነ እህል ዓይነቱን ይናገራል፤ ማሳው እንዴት እንደተዘራ አይናገርም።

የዚህ ዘዴ ታሪክ በደንብ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1904 ግሬግና ግሬይ የተባሉ ሐኪሞች ኡጋንዳ ውስጥ ከእንቅልፍ በሽታ ታማሚዎች ንፍፊት በመርፌ ፈሳሽ እየቀዱ ተውሳኩን አገኙት። በ1930 ደግሞ የኒውዮርኩ ሜሞሪያል ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሄይስ ማርቲንና የላቦራቶሪ ባለሙያው ኤድዋርድ ኤሊስ ዘዴውን ለካንሰር ምርመራ አቀረቡት። የእነሱ መርፌ 18 ጌጅ ነበር፣ ዛሬ ቀጭን የማይባል። አሜሪካ ውስጥ ዘዴው ለብዙ ዓመት ገፋ አላለም። ያሳደጉት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በስቶክሆልሙ የሕክምና ተቋም ካሮሊንስካ እነ ሲክስተን ፍራንዜንና ዮሴፍ ዛይቼክ ናቸው። መርፌውን ያቀጠኑትም፣ ንባቡን በሥርዓት ያስያዙትም እነሱ ናቸው። በስፕሪንግ የሚተኮሰው ወፍራም መርፌ የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው።

በኢትዮጵያ የንፍፊት ቲቢ በብዛት ስለሚታይ ኤፍኤንኤ የዘወትር ሥራ ሆኗል። የኛ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች በዚህ ያካበቱት ዓይን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እዚህ ላይ ቀጭን መርፌ በእርግጥም ያዋጣል። አይብ መሰል የሞተ ሥጋና ግራኑሎማ የሚባለው የመከላከያ ሴሎች ክምችት ስላይዱ ላይ ካለ፣ ባክቴሪያውም በቀለም ከታየ፣ በሽታውን ለመለየት ሌላ ምርመራ ማሳደድ አያስፈልግም። ከመርፌው የወጣው ፈሳሽ የባክቴሪያውን ዘረመል በሚፈልገው በጂን ኤክስፐርትም ይመረመራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለንፍፊት ናሙና የመከረው በ2013 ነው። ከሌላ አካል ወደ ንፍፊት የተዛመተ ካንሰርም በቀጭን መርፌ በደንብ ይለያል። ንፍፊት ውስጥ መገኘት የሌለበት ሴል ስለሆነ፣ መልኩ ብቻውን ያጋልጠዋል።

ችግሩ የንፍፊት ካንሰር በሆነው ሊምፎማ ላይ ይመጣል። በሽታው የሚነሳው ከራሱ ከንፍፊቱ ሴሎች ነው። አንዳንዱ ዓይነት፣ ለምሳሌ ፎሊኩላር ሊምፎማ፣ ሴሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ከጤነኛው ብዙም አይለዩም። የሚያጋልጣቸው አሰፋፈራቸው ነው። ሆጅኪን ሊምፎማ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። የበሽታው ትልልቅ ሴሎች ብዙ ጊዜ ከእብጠቱ ሴሎች ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። የቀረው በእነሱ ተጠርቶ የመጣ ጤነኛ ሴል ነው፣ አልፎ አልፎም ግራኑሎማ አለበት። የድሮዎቹም ተደናግረዋል፦ የፓቶሎጂ ባለሙያው ሽተርንበርግ በ1898 እነዚያን ትልልቅ ሴሎች ሲገልጽ በሽታውን ለየት ያለ ቲቢ ብሎት ነበር። ቲቢ አለመሆኑን በ1902 ያሳየችው ሐኪሟ ዶሮቲ ሪድ ናት።

ወፍራሙ መርፌ ከ14 እስከ 18 ጌጅ ነው። ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዝና ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ክር የመሰለ ቁራጭ ይወጣል። ቁራጩ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፣ በሰም ይጠነክራል፣ ከዚያ በስሱ ይቆረጣል። እዚህ ሴሎቹ እንደነበሩ ናቸው፣ ጎረቤቶቻቸውም አብረው አሉ። ከአንዱ ቁራጭ ብዙ ስስ ሽፋን ስለሚወጣ ለተለያዩ ልዩ ቀለሞች ይበቃል። ግን ስፋቱ ከሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ፎሊክል የሚባለው ክብ የሴሎች ስብስብ ስፋትም ከዚያ ብዙ ስለማይርቅ፣ መርፌው ጥቂቶቹን ጠርዝ ጠርዛቸውን ነክቶ ሊወጣ ይችላል። ጠባሳ ወይም የሞተ ሥጋ ላይ ካረፈ ደግሞ የሚነበብ ነገር አይኖርም። በአልትራሳውንድ እየታየ ደጋግሞ ከተወሰደ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ክርክሩም አልተዘጋም። ሉጋኖ የሚባለው የ2014ቱ የሊምፎማ ሕክምና መመሪያ ግን ለሊምፎማ ንፍፊቱን አውጥቶ ማየትን ያስቀድማል፤ ቀጭን መርፌ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ይላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ24 ዓመት ወጣት ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ ከፊት በኩል ከደረቷ አናት ወደ ትከሻዋ ከሚሄደው አጥንት በላይ፣ ሦስት ሴንቲሜትር የሚሆን ንፍፊት አላት እንበል። ኤፍኤንኤው ግራኑሎማ አሳየ። የሞተ ሥጋ የለም፣ ባክቴሪያም አልታየም፣ ጂን ኤክስፐርቱም ኔጌቲቭ ነው። የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት። በሁለተኛው ወር እብጠቱ ጨመረ። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የቲቢ ንፍፊትም መድኃኒት እየተወሰደ ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል። ግን ባክቴሪያው አንዴም አልተገኘም፣ ስለዚህ ጥያቄው እንደገና ይነሳል። ሁለተኛው ኤፍኤንኤ ጥቂት ሴል ብቻ አወጣ፦ ሊምፎሳይትና ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች፣ አንድ ሁለት ግዙፍ ሴል። ሪፖርቱ «አጠራጣሪ» ብሎ ቆመ። በወፍራም መርፌ የወጣው ቁራጭ አብዛኛው ጠባሳ ሆነ። በሁለተኛው ኤፍኤንኤ ሴሎቹ ጥቂት የሆኑትም ለዚሁ ነው፤ ጠባሳ በቀጭን መርፌ አይላቀቅም።

ንፍፊቱ ሙሉውን ሲወጣ ነገሩ ተገለጠ። ሽፋኑ ወፍሯል። ከሽፋኑ የሚነሱ የጠባሳ ሰንሰለቶች ውስጡን ወደ ትናንሽ ጉብታዎች ከፋፍለውታል። በጉብታዎቹ ውስጥ ያሉት ግዙፍ ሴሎች ሲዲ30 እና ሲዲ15 የተባሉትን ፕሮቲኖች በሚያሳዩ ቀለሞች ተነከሩ። ኖዱላር ስክለሮሲስ የሚባለው ሆጅኪን ነው። በአንዱ ዳር ግራኑሎማም አለ። የመጀመሪያው መርፌ ያገኘውን ነው በትክክል የተናገረው፤ የወጋው እዚያ ዳር ላይ ነበር።

እንዲህ ሲባል ሁሌም ንፍፊቱን ማውጣት ይሻላል ማለት አይደለም። ከአፍ ወይም ከጉሮሮ የተዛመተ ካንሰር ሲጠረጠር፣ መነሻው ሳይፈለግ አንገትን መቅደድ የኋላውን ቀዶ ጥገና ያበላሻል። ይህን አጥብቆ ከተከራከሩት አንዱ ያው የመርፌው ሰው ማርቲን ነው።

የወጣው ንፍፊትም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። እንደወጣ ለሁለት መቆረጥ አለበት፦ አንዱ ለፓቶሎጂ ፎርማሊን ውስጥ፣ አንዱ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ለማሳደግ፣ በንጹህ ሳላይን። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድላል። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ፣ ቲቢ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን አሳድጎ ማየት አይቻልም። ያኔ ሌላ ያበጠ ንፍፊት ይፈለግና እንደገና በቀጭን መርፌ ይወጋል።