«ተንትን» ስላልን ጥያቄው ትንተና አይሆንም

የጥያቄ ደረጃ የሚለካው በትእዛዝ ግሱ ሳይሆን ተማሪው መልሱ ላይ ለመድረስ በሚሠራው ሥራ ነው። «ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በስንት ዲግሪ ይቀንሳል?» የማስታወስ ጥያቄ ነው፤ መልሱ፣ 6.5፣ ደብተሩ ላይ አለ። ወደ ትግበራ ለማሳደግ አዲስ ሁኔታ ስጡት፦ «1,850 ሜትር ላይ ያለችው ኮምቦልቻ 25 ዲግሪ ብትሆን፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለችው ደሴ ስንት ትሆናለች?» የ650 ሜትር ልዩነት 4.2 ዲግሪ ግድም ይቀንሳል፤ መልሱ 20.8 ነው።

ለትንተና ደግሞ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ መረጃ አቅርቡ፦ «ሰማዩ በጠራ፣ ነፋስ በሌለበት ንጋት ኮምቦልቻ 8፣ ደሴ 10 ዲግሪ ተመዘገበ እንበል። ሕጉ ለምን አልሠራም?» ተማሪው ቀዝቃዛ አየር ከባድ መሆኑን ከኮምቦልቻ ዝቅተኛ አቀማመጥ ጋር ራሱ ማገናኘት አለበት። ይህንኑ ምሳሌ ክፍል ውስጥ አስቀድማችሁ ካብራራችሁት ግን ጥያቄው ተመልሶ ማስታወስ ይሆናል።