ከስደተኞች ጋር ጥናት ሲሠራ ስለ ፈቃድና ሚስጥር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቅጹ ላይ ፈርመዋል፤ ስለዚህ ፈቅደዋል።»

ካምፕ ውስጥ የሚኖር ሰው ብዙ ወረቀት ላይ ፈርሟል። ሲመዘገብ ፈርሟል፤ ራሽን ሲቀበልም ፈርሟል ወይም አሻራውን ሰጥቷል። አልፈርምም ቢል ምን እንደሚቀርበት ከኑሮው ተምሯል። መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ እንግዳ ሦስት ገጽ ይዞ ሲመጣ፣ ይህኛው የጥናት፣ ያኛው የእርዳታ ቅጽ ነው ብሎ የሚለይበት ምክንያት የለውም። ፊርማው የሚያረጋግጠው ወረቀቱ እንደቀረበለት ብቻ ነው።

መረዳቱ የሚታወቀው በጥያቄ ነው። አስረድተን ስንጨርስ «ይህ ጥናት ስለ ምንድን ነው? ዛሬ ባያናግሩኝ ምን ይቀርብዎታል? ቢያናግሩኝስ ምን ያገኛሉ?» ብለን በራሳቸው አነጋገር እንዲመልሱልን እንጠይቃለን። ከመልሱ ውስጥ «ወደ ሦስተኛ አገር የምሄድበትን ጉዳይ ታፋጥንልኛለህ» የሚል ተስፋ ከተሰማ ፈቃድ ገና አልተገኘም። ማስረዳቱ እንደገና ይጀመራል። ከዚያም በኋላ ተስፋው ካልለቀቃቸው ቃለ መጠይቁ መቅረት አለበት፤ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡበትን ቀን የሚጠብቁ ሰዎች በዚያ ተስፋ የሚነግሩንን መውሰድ ማታለል ነው።

ፊርማው ራሱ አደጋ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ስም የሌለበት ጥናት ውስጥ ሰውየውን ከጥናቱ ጋር የሚያያይዘው ብቸኛ ወረቀት የተፈረመው ቅጽ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች በቃል የሚሰጥ ፈቃድን ሊቀበሉ ይችላሉ፤ የአሜሪካ ፌዴራል የምርምር ደንብም ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። አጥኚው ቀኑንና የተሳታፊውን መለያ ቁጥር ጽፎ ራሱ ይፈርማል፤ የተሳታፊው ስም የትም አይገባም።

«የስደተኞች ኮሚቴው ሊቀመንበር ፈቅዶልናል፤ ሰዎቹንም እሱ መረጠልን።»

ሊቀመንበሩ ሊፈቅድ የሚችለው ወደ ሰፈሩ መግባታችንን ነው። ሰዎቹን የመረጠ ዕለት ግን ማን እንደተሳተፈ አውቋል፤ ነገ ውሃና መጠለያ የሚያከፋፍል ሰው ሲጠራው እምቢ የሚልም ጥቂት ነው። ጥናቱን ለሁሉም እንዲያስታውቅ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ግን በቀጥታ ወደ አጥኚው እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል። ቦታውም ሰው በልዩ ልዩ ጉዳይ የሚገባበት፣ ለምሳሌ ጤና ጣቢያ፣ ቢሆን ማን ለምን እንደመጣ አይለይም።

«ስማቸውን ቀይሬያለሁ፤ ማንም አያውቃቸውም።»

በመጀመሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠን ያናገርነው ሰው ለእኛ የታወቀ ነው። ልንሰጠው የምንችለው የሚስጥር ጥበቃ ነው እንጂ «ማን እንደሆኑ አይታወቅም» የሚለው ቃል ከጅምሩ እውነት አይደለም። ማንነታቸው ጨርሶ ሳይታወቅ የሚሳተፉት ስምም ሆነ መለያ የሌለበት መጠይቅ ሞልተው ሳጥን ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ናቸው።

ዋናው ችግር የሚመጣው ግን ሪፖርቱ ሲጻፍ ነው። ለማሳያ የፈጠርኩትን አንድ አረፍተ ነገር እንመልከት። ዳባት አጠገብ ባለው፣ የኤርትራ ስደተኞች በሚኖሩበት የአለምዋጭ ሰፈር የተሠራ ጥናት እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሳባ (ስሟ የተቀየረ)፣ 34 ዓመት፣ የአራት ልጆች እናት፣ ቀድሞ አዋላጅ ነርስ፣ ከሕፃፅ ካምፕ የመጣች፣ የበኩር ልጇ ሊቢያ የቀረባት።»

ኤርትራዊት እናት መሆኗ ብዙ ሴቶችን ያካትታል። ከሕፃፅ መምጣቷ ክቡን ያጠብበዋል። አዋላጅ ነርስ ስንል ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ይቀራሉ። ሊቢያ የቀረው ልጅ ሲጨመር ጎረቤቶቿ የሚያውቋት አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች። ዕድሜዋንና የልጆቿን ቁጥር ገና አልነካንም። ይህን የሚያነብ የሩቅ ፕሮፌሰር አያውቃትም፤ የሚያውቋት ቡና የሚያጣጧት ሰዎች ናቸው፤ ስለ ባሏ ወይም ስለ ደላላው የተናገረችው ጉዳት የሚያመጣባትም እነሱ ዘንድ ሲደርስ ነው። አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ ካላት ፍርሃቱ ድንበር ይሻገራል።

መፍትሔው ዝርዝሩን በሰፊ ቃል መተካት ነው። 34 የነበረው «በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች»፣ አዋላጅነቱ «የጤና ባለሙያ»፣ ሕፃፅ «ቀድሞ የነበሩበት ካምፕ» ይሆናል። የሊቢያው ልጅ ለክርክሩ የግድ ካላስፈለገ ይወጣል፤ ካስፈለገ እሷን መልሶ ጠይቆ፣ የሚታተመውን አንብቦላት ውሳኔዋን መስማት ነው። የጥናቱ መደምደሚያ በሙያዋ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ነርሷን መምህርት ማድረግ አይቻልም፤ ያ ማስረጃን መለወጥ ነው። ዝርዝር በተቀየረበት ሁሉ መቀየሩ በሪፖርቱ መገለጽ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን ሌላም ነገር አለ። «ተሳታፊ 4» የሚለው ቁጥር በሁሉም ምዕራፍ ከተደጋገመ፣ አንባቢ በአንዱ ምዕራፍ ሙያዋን፣ በሌላው ልጇን፣ በሦስተኛው የትውልድ ከተማዋን ለቅሞ ይገጣጥማታል። ለአደገኛ ጥቅሶች ቁጥሩን መተው ተገቢ ነው። በታብሌት የተሰበሰበ መረጃም የቃለ መጠይቁን ቦታ በጂፒኤስ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ መጠለያው በካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ስም መሰረዙ ምንም አልጠቀመም። ረቂቁን ከመላካችን በፊት ሰፈሩን በቅርብ ለሚያውቅ፣ ጥናቱ ውስጥ ግን ላልገባ ታማኝ ሰው አንዱን የተሳታፊ መግለጫ ከነንግግሯ አሳይተን «ይህን ሰው ለመገመት ይቻላል?» ብለን መጠየቅ ይመከራል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ይህን አልደግፍም፤ ያ ሰው ቢያውቃት ሚስጥሩ በእኛው እጅ ወጣ። ይልቅ ያ ሰው መግለጫውን ብቻ፣ ያለ ንግግሯ፣ ይይ።

«የነገሩኝ በምንም ሁኔታ ከእኔ አይወጣም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

ይህን ቃል ለመስጠት ማንም አጥኚ ሥልጣን የለውም። የአሜሪካው ቦስተን ኮሌጅ ከ2001 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎችን ድምፅ አስቀርጿል፤ ተናጋሪዎቹ እስኪሞቱ ድረስ ቅጂዎቹ እንደማይወጡ ተነግሯቸው ነበር። በ2011 ለብሪታንያ የፖሊስ ምርመራ ሲባል በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ቅጂዎቹ ተጠየቁ፤ ከረጅም ክርክር በኋላም የተወሰኑት ተላልፈው ተሰጡ።

ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ወሰኑን መናገር ግድ ይላል፦ ፍርድ ቤት ቢያዝ፣ ሕፃን ልጅ አደጋ ላይ እንዳለ ቢሰማ አጥኚው ዝም ማለት ላይችል ይችላል። ወንጀል የሚሆን ነገር ለጥናቱ ካላስፈለገን አንጠይቅ፤ ከተነገረንም አንመዝግብ። ድምፁ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ቅጂው ይጥፋ። በመካከል ያለው አስተርጓሚም መዘንጋት የለበትም፤ የሚሰማውን ሁሉ ይዞ የሚያድረው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ተሳታፊው አስተርጓሚውን አይቶ «ይህ ሰው ይሁን» ወይም «ሌላ ይምጣ» ለማለት ዕድል ይሰጠው፤ ይህም አስተርጓሚው በሌለበት ነው የሚጠየቀው።

«ከተናገሩ በኋላ ቢጸጸቱ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይቻላል፤ እስከ አንድ ቀን ድረስ። ስምን ከመለያ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ከመረጃው ተለይቶ፣ በሌላ ቦታ ተቆልፎ እስካለ ድረስ የአንድን ሰው ቃል ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። ዝርዝሩ ከተቃጠለ በኋላ የማን ቃል የትኛው እንደሆነ አጥኚውም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚጠፋበት ቀን አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለተሳታፊውም «እስከዚህ ቀን ድረስ ደውለው ቃሌን አውጡልኝ ማለት ይችላሉ» ተብሎ ይነገረዋል። ወረቀት ቤቱ ማስቀመጥ የሚያስፈራው ከሆነ ስልክ ቁጥሩ የጥናቱ ስም በሌለበት ቁራጭ ላይ ይጻፍለታል።