ደንበኛ ማምጫ ወጪ እና የደንበኛ ዕድሜ ዋጋ ምንድን ናቸው? የምሳ ኮንትራት ስሌት ከደሴ

ደንበኛ ማምጫ ወጪ አንድ አዲስ ከፋይ ደንበኛ ለማግኘት የወጣው ገንዘብ ነው። የደንበኛ ዕድሜ ዋጋ ደግሞ ያ ሰው ደንበኛ ሆኖ እስከቆየ ድረስ፣ የምግቡና የማድረሻው ወጪ ከተነሳ በኋላ የሚያስተርፈው ብር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በደንብ ካልበለጠ ደንበኛ በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይሰፋል። ትርጉሙ ይህን ያህል አጭር ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሮቹን ሲሞላ ነው።

ደሴ ውስጥ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በወር ኮንትራት ምሳ የሚያደርስ አንድ ወጥ ቤት አለ እንበል። ምሳው ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ነው፤ ሥጋ የለበትም። ወሎ ውስጥ በአንድ ቢሮ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ስለሚሠሩ፣ ሥጋ ከገባ ድስቱም ምሳ ዕቃውም ለየብቻ መሆን አለበት፤ ያኔ ስሌቱም ሁለት ይሆናል። የአንዱ ምሳ ዋጋ 200 ብር ነው፤ በወር 22 ምሳ፣ 4,400 ብር በቴሌብር ቀድሞ ይከፈላል።

መጀመሪያ ከአንድ ምሳ ምን እንደሚተርፍ እንይ። እንጀራው፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ሌላው አስቤዛ 115 ብር፣ ከሰልና መብራት 9፣ የምሳ ዕቃ እጥበትና ብልሽት 6፣ የባጃጅ ድርሻ 22። ድምሩ 152 ነው፤ 48 ብር ይተርፋል። በ22 ሲባዛ 1,056 ይመጣል። ከዚህ ላይ ወጡ ስለፈሰሰ ወይም ስለዘገየ ለሚተካ ምሳ በአማካይ 56 ብር በወር እንቀንስ። ስለዚህ አንድ ደንበኛ በወር የሚያስተርፈው 1,000 ብር ነው። የዕድሜ ዋጋ የሚሰላው በዚህ 1,000 እንጂ በ4,400 አይደለም። በ4,400 የሚያሰላ ሰው የሽንኩርት ነጋዴውንና የባጃጅ ሹፌሩን ገንዘብ እንደ ራሱ እየቆጠረ ነው።

ባጃጁን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። 22 ብር የሚሆነው አሥርና አሥራ ሁለት ምሳ አንድ ሕንፃ ላይ ሲወርድ ነው። ዳገት ላይ ብቻውን ላለ ደንበኛ ማድረሻው 60 ብር ቢፈጅ፣ ከአንድ ምሳ የሚተርፈው ከ48 ወደ 10 ብር ይወርዳል። የደሴን ስሌት እንዳለ ወደ ኮምቦልቻ መውሰድም የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ማምጫ ወጪው። በመስከረም 2018 ለበራሪ ወረቀትና ለማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ 8,400 ብር ወጣ፤ በወሩ 30 አዲስ ደንበኞች ከፈሉ። ባለቤቱ 8,400ን ለ30 አካፍሎ «አንድ ደንበኛ በ280 ብር መጣልኝ» ይላል። ግን ቢሮ ለቢሮ ዞራ የምታስመዘግበው ልጅ ደመወዝና ኮሚሽን 9,000 ነው፤ ትራንስፖርቷ 1,800። ከዚያ የቅምሻ ምሳ አለ፦ 50 ሰዎች ሦስት ሦስት ቀን በነጻ በሉ፤ 150 ምሳ በ152 ብር 22,800 ይሆናል። ቀምሰው ያልተመዘገቡት ሰዎች የበሉትም ከተመዘገቡት ላይ ይታሰባል፤ ሌላ የሚከፍለው የለምና። ጠቅላላው 42,000 ብር፣ ለ30 ሲካፈል 1,400 ነው። በ280 ብር ያለው የእውነተኛው አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። ከ30ዎቹ አሥሩ ሳይቀምሱ፣ ማስታወቂያም ሳያዩ፣ የሥራ ባልደረባቸው ነግሯቸው የመጡ ከሆነ፣ ገንዘቡ ያመጣቸው 20 ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 2,100 ብር ወጥቷል። ማስታወቂያ ልጨምር ወይስ አልጨምር ለሚል ሰው የሚጠቅመው ቁጥር ይህ ነው፤ ብር ሲጨመር በጓደኛ የሚመጣው ሰው አብሮ አይጨምርምና። ስለዚህ ሲመዘገቡ «ማን ነገረዎት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከስማቸው ጎን መጻፍ ነው።

ከባዱ ዕድሜው ነው። የተለመደው አቋራጭ ስሌት በወር የሚተርፈውን በወሩ ላቋረጡት ሰዎች ድርሻ ማካፈል ነው። ከመስከረሙ 30 ሰው በጥቅምት 24 ሰዎች ከፈሉ፣ በኅዳር 21 ሰዎች፣ በታኅሣሥ 19 ሰዎች፣ በጥር 17 ሰዎች። በጥቅምት ከአምስት አንዱ ስላቋረጠ ስሌቱ 5,000 ብር ይሰጣል። በጥር ከ19 ሰዎች ሁለት ብቻ ስላቋረጡ 9,500 ይላል። ያው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሚያቋርጡት ምግቡ ያልተስማማቸው ናቸው፤ የቆዩት ደግሞ የለመዱት ናቸው። ስለዚህ የአንድ ወር መጠን የሁሉንም ዕድሜ አይናገርም። በሠላሳ ሰው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ሥራ ቢቀይር ውጤቱ ይዛነፋል።

ከዚያ የካቲት ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሙስሊሙ ቀን አይበላም፤ ከክርስቲያኑም ብዙው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ የስድስት ሰዓት ምሳ አይሆነውም። ከ17ቱ በየካቲት ወር 6 ሰዎች ብቻ ከፈሉ እንበል። አቋራጩ ስሌት አሁን ዕድሜ ዋጋው 1,545 ብር ነው ይላል፤ ከማምጫ ወጪው እምብዛም አይበልጥም። ባለቤቱ ይህን አምኖ ደንግጦ ዋጋ ቢቀንስ ወይም ሥራውን ቢዘጋ፣ የሳተው ያረፈን ደንበኛ ከቀረ ደንበኛ አለመለየቱ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ፣ ያለፈው ዓመት የካቲት ለሚቀጥለው መለኪያ አይሆንም።

አስተማማኙ መንገድ ዝርዝር መያዝ ነው። በአንድ ወር የገቡትን በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ በየወሩ ከስማቸው ጎን «ከፈለ»፣ «አረፈ» ወይም «ቀረ» ይበሉ። ያረፈ ሰው ለዚያ ወር ዜሮ ነው፣ ግን ከዝርዝሩ አይሰረዝም። ጾሙ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላም ካልከፈለ ቀርቷል። በምሳሌያችን በመጋቢት ሙስሊሞቹ ከዒድ በኋላ መመለስ ሲጀምሩ 9 ከፈሉ፣ በሚያዝያ ከፋሲካ በኋላ 14።

የስምንቱ ወር ክፍያ ሲደመር 140 ነው፤ በ1,000 ብር 140,000። ለ30 ሲካፈል አንድ ደንበኛ እስካሁን 4,667 ብር አስተርፏል፤ ከማምጫ ወጪው ከሦስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ወደፊት የሚከፍሉትን ገምቶ አለመጨመር ይሻላል፤ የተቆጠረው ብቻ ይበቃል። ሦስት እጥፍ እንደ ጥሩ ልክ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ከሶፍትዌር ንግድ የመጣ ልክ ስለሆነ ለወጥ ቤት ሕግ አይደለም። ለወጥ ቤት የበለጠ የሚናገረው ገንዘቡ የተመለሰበት ጊዜ ነው፦ በመስከረም 30,000፣ በጥቅምት ተደምሮ 54,000። 42,000ው በሁለተኛው ወር ተመልሷል።

ቤት ኪራይና የወጥ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ እስካሁን አልተነካም። ከ140,000 ላይ 42,000 ሲነሳ 98,000 ይቀራል። ኪራይና ደመወዝ በወር 25,000 ቢሆን በስምንት ወር 200,000 ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ የ30 ሰው ምድብ አንድ ብቻ ከግማሹ በታች ይሸፍናል። ወጪና ገቢ እንዲገጥሙ በመስከረም ከስልሳ በላይ ሰው መመዝገብ ነበረበት፤ ያውም እያንዳንዱ በ1,400 ብር ከመጣ።